ለአያቱ እምቢ ያለው የ9 ወር ልጅ

«ወንድ ልጄ 9 ወር ከሁለት ሳምንቱ ነው። እስከ ስድስት ወሩ ማንም ቢያቅፈው እየሳቀ ይሄድ ነበር። ከወር ወዲህ ግን አማቴ ገና እጃቸውን ሲዘረጉለት አንገቴ ሥር ተወሽቆ ይጮኻል። እሳቸው “አንቺ ነሽ ያስለመድሽው” ብለው አኩርፈዋል፤ ባለቤቴም ከእናቱ ጋር ነው። በቀደም ለኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያ ሄድን። ትንሽ ያስለው ስለነበር ነርሷ ሳትነካው ደረቱን ብቻ እያየች ቆየች። ከዚያ እዚያው ጭኔ ላይ እንዳለ ወጋችው። አማቴ “እሷም አብራ አሞላቀቀችው” አሉ። ስሙን ሲጠሩት ይዞራል ወይ፣ ባባ ዳዳ ይላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ እስካሁን አለመዳሁን ስነግራት ግን ምንም አልመሰላትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራ እመለሳለሁ፤ ልጁን የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ እስቲ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ሞክሪ። የሚወደውን ማንኪያ እሱ እያየ ጨርቅ ሥር ደብቂው። በአምስት ወሩ ብትደብቂበት ኖሮ ፊቱን ወደ ሌላ ነገር ያዞር ነበር፤ ያልታየው ነገር ለእሱ አልነበረማ። አሁን ጨርቁን ገልጦ ሳያወጣው አይቀርም። ይህ ችሎታ በ8 እና በ9 ወር አካባቢ የሚመጣ ነው። ያው ችሎታ ወደ አንቺ ሲዞር ልቅሶ ይሆናል። ከበሩ ወዲያ እንዳለሽ ያውቃል፣ መመለስሽን ግን አያውቅም። «ከሰዓት እመጣለሁ» የሚባለው ነገር ገና አልገባውም።

በዚህ ላይ የሰው ፊት እየለየ መፍራት ከ6 እስከ 8 ወር ድረስ ባለው ጊዜ ይጀምራል። ከእናት የመለየት ፍርሃት ደግሞ ከ10 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይበረታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራ የምትጀምሪው ፍርሃቱ ገና እየጨመረ በሚሄድበት ወቅት ነው። ስለዚህ ሦስቱን ሳምንት አታባክኚያቸው።

«አስለመድሽው» የሚለው ክስ ግን አያስኬድም። በ1970ዎቹ ተመራማሪዎች ይህን የልጆች ልቅሶ በቦትስዋና የሳን ሕዝብ ዘንድ፣ በጓቲማላ እና ልጆች በጋራ ቤት ያድጉበት በነበረው፣ ኪቡትዝ በሚባለው የእስራኤል የኅብረት መንደር አጥንተውታል። አስተዳደጉ ሰማይና ምድር ሆኖ ሳለ ልቅሶው የሚነሣበትና የሚበረታበት ወቅት ተቀራራቢ ነበር። ታዝሎ ያደገውም፣ በሞግዚት እጅ ያደገውም በዚሁ ያልፋል።

ነርሷ ያደረገችው ሁሉ የልጅሽን ዕድሜ አይታ ነው። ሳትነካው ደረቱን ያየችው ትንፋሹን እየቆጠረች ነው። ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለ ልጅ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ትንፋሽ ፈጣን ይባላል፤ ከሳል ጋር ሲሆን የሳንባ ምች ያስጠረጥራል። ቆጠራው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይወስዳል፣ የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ ደግሞ አይቆጠርም። ከእቅፍሽ ብትነጥቀው ኖሮ ቁጥሩ ሁሉ ገደል ይገባ ነበር። የሦስት ወር ልጅ ቢሆን ግን አልጋ ላይ አጋድማው፣ እያጫወተችው ከራሱ እስከ እግሩ ልታየው ትችል ነበር። በ9 ወሩ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ከሩቅ ማየት፣ ከዚያ ማዳመጫውን አስነክቶ ማዳመጥ፣ ጆሮና ጉሮሮ ደግሞ መጨረሻ ላይ።

መርፌውም እንዲሁ ነው። የኩፍኙ ክትባት ክንድ ላይ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ ስለሆነ እጁ ለአፍታ አለመንቀሳቀሱ በቂ ነው። ልጅ አልጋ ላይ ተጋድሞ በሰው እጅ ሲጨመቅ ይበልጥ ፈርቶ ይታገላል። ደረቱን ከደረትሽ አጣብቀሽ፣ እግሮቹን በጭኖችሽ መካከል ይዘሽ ስታቅፊው ግን እቅፉ ራሱ መያዣ ነው። በዚያው ሰዓት ጡት ብትሰጪው ሕመሙን ያቀልለታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ይመክራል። ይህ ማሞላቀቅ አይደለም፣ ሥራውን በአግባቡ መሥራት ነው።

ስለ መዳሁ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት አገሮች በተሰበሰበ ጥናት በ2006 ያወጣው መለኪያ አለ። በእጅና በጉልበት መዳህ ጤነኛ በሆኑ ልጆች ከ5 ወር እስከ 13 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ታይቷል። ከመቶ አራት ያህሉ በዚህ መንገድ ሳይድሁ ወደ መቆም አልፈዋል። ያለድጋፍ መቀመጥ ግን ጠበብ ያለ ነው፤ ከ9 ወር ብዙም አያልፍም። ነርሷ በመዳሁ ሳትደናገጥ የስሙንና የባባ ዳዳውን ነገር የጠየቀችው ለዚህ ነው። ስሙን ሲጠሩት መዞሩ ስለ ጆሮው ይናገራል፣ «ባባ ዳዳ» ደግሞ የሚሰማውን ድምፅ መልሶ መሞከሩን ያሳያል።

ቤት ውስጥ ሳታጨበጭቢ፣ ከበስተኋላው ሆነሽ በተለመደው ድምፅሽ ጥሪው። በተለያየ ቀን ሞክረሽ ካልዞረ፣ ወይ ያለድጋፍ መቀመጥ ካቃተው፣ ወይ አንዱን እጁን ብቻ እየተጠቀመ ሌላውን ጨብጦ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይ ትናንት ያደርገው የነበረውን ዛሬ ከተወ የ15 ወሩን የክትባት ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ውሰጂው። ለአያት እምቢ ማለት ግን እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

አሁን ወደ አማትሽ እንምጣ። አያት እንዴት እንደሚገቡ ታውቂያለሽ፤ ከበሩ ጀምሮ «የኔ ጌታ!» እያሉ፣ እጅ ዘርግተው፣ ጉንጭ ላይ ለመሳም አጎንብሰው። ፍቅር ነው፣ ለ9 ወር ልጅ ግን ትልቅ ፊት በአንዴ የመጣበት ነው። ደግሞ በዚህ ዕድሜ ልጁ እንግዳ ነገር ሲያይ ዞሮ የአንቺን ፊት ማንበብ ይጀምራል። በኩርፊያው ምክንያት እሳቸው ሲገቡ ፊትሽ ከጠቆረ መልሱን ከዚያ ያገኛል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስተካክለው ይህንን ነው። ሲገቡ ተነሥተሽ፣ እሱን እንዳቀፍሽ፣ ስመሽ ተቀበያቸው። ከልብሽ ባይሆንም እንኳ ድምፅሽን ለስለስ አድርጊው።

በመጀመሪያው ሳምንት አማትሽ ልጁን ለመያዝ አይሞክሩ። ምንጣፉ ላይ ወይም ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ በጎን ዞረው ይቀመጡ፣ ዐይን ዐይኑን ሳያዩ ከአንቺ ጋር ያውሩ። አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የእንጨት ማንኪያ በመዳፋቸው ላይ አድርገው ዝም ይበሉ። ልጁ መጀመሪያ ያያቸዋል፣ ቀጥሎ አንቺን ያያል፣ ከዚያ እጁን ይሰዳል። ማንኪያውን ሲወስድ እጁን ይዘው ከሳቡት ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ገንፎውን እሳቸው ያጉርሱት፣ ገላውንም አንቺ አጠገብ ሆነሽ እሳቸው ይጠቡት። ለዚህ ዕድሜ ልጅ ዘመድ ማለት በየቀኑ የሚያጎርስና የሚያጥብ እጅ ነው፤ የሥጋ ዝምድናውን ገና አያውቀውም። ርቦት ወይም እንቅልፍ መጥቶበት ሳለ አትሞክሩት። ከዚያ ከክፍሉ መውጣት ጀምሪ። መጀመሪያ ድምፅሽ እየተሰማው ሁለት ደቂቃ፣ በኋላ አምስት፣ ከዚያም አሥራ አምስት። ስትወጪ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ተናገሪ፤ «ቻው፣ እመጣለሁ» ይበቃል። በመካከሉም ፊትሽን በነጠላ ሸፍነሽ «እማዬ የታለች?» እያልሽ ግለጪለት። ጨዋታ ይመስላል እንጂ የሄደ እንደሚመለስ የሚማርበት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከቤት ውጪ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን። ተደብቀሽ አትውጪ። ብዙ እናቶች ልቅሶውን ላለመስማት ሹልክ ይላሉ፤ ልጁም ሳያይሽ ልትጠፊ እንደምትችይ ይማርና መታጠቢያ ቤት እንኳ አያስገባሽም። ጠረንሽ ያለበትን ነጠላ እሳቸው ጋር ተዪለት፣ ሲተኛ ግን አጠገቡ እንዳያስቀምጡት ንገሪያቸው፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማፈን ይችላል።

መንገዱ ትክክል መሆኑን በልቅሶው መኖር አትለኪው፣ ማልቀሱ አይቀርም። አንቺ ከወጣሽ በኋላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዝም ብሎ ከበላና ከተጫወተ ደህና ነው። አለመብላትና አለመተኛት ቀናት ከቀጠለ አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመለሱ። ማታ አንቺን ሲያይ እንደገና ቢያለቅስ ደግሞ አማትሽ በድለውት እንዳይመስልሽ፤ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመውን ለአንቺ ነው ያመጣው።

ይህን ሁሉ ለአማትሽ የሚነግራቸው ባለቤትሽ ቢሆን እመርጣለሁ። ከምራት አፍ ሲወጣ ትምህርት ይመስላል፣ ከልጃቸው አፍ ግን ወሬ ነው። አለማሞላቀቅሽን እንዲከራከርልሽ ሳይሆን «እማዬ፣ ልጁ ሰው መለየት ጀምሯል፤ አንቺንም እንዲለይ ይህን ሳምንት ገንፎውን አንቺ አጉርሺው» እንዲል ንገሪው። ሥራ ሲሰጣቸው ኩርፊያው መንገድ ያገኛል። ውጤቱ በእጃቸው ላይ ስለሚታይ ደግሞ ማን ልክ ነበር የሚለው ክርክር ቀስ ብሎ ይረሳል።

ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወሩ ስትመለሱ ሌላ ልጅ ነው የምታገኙት። ሊራመድ ይችላል፣ «እምቢ» ማለትም የጀመረ ይሆናል። ያኔ ጥሩ ነርስ «ልወጋህ?» ብላ አትጠይቀውም፤ መልሱን ስለምታውቀው። «አሁን ክንድህን ልነካ ነው» ትለውና በየትኛው እጁ ጨርቅ ወይ አሻንጉሊት እንደሚይዝ ታስመርጠዋለች። እስከዚያ ድረስ ቤት ውስጥ ማንም «ዝም ካላልክ ነርሷ ትወጋሃለች» እንዳይለው። አያ ጅቦ ይሻላል፤ ጅቡ ቢያንስ ጤና ጣቢያ ተቀምጦ አይጠብቀውም። ያን ቀን ጭናቸው ላይ ይዘውት የሚቀመጡት አማትሽ ቢሆኑ ለነርሷ ልዩነት የለውም፤ የምታየው ልጁ ፊቱን ደረታቸው ውስጥ መወሸቁን ነው።