«ለምን ቀረሁ?» ለሚል አመልካች

በሰው ሀብት ክፍል ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ይህን የምጽፈው፣ አንድ ቀን አመልካች ቅሬታ ይዞ ፊታችሁ መቆሙ ስለማይቀር ነው። ያኔ «ኮሚቴው ወስኗል» ማለት አያዋጣም። የኤክሴል ፋይላችሁ ራሱ መልስ ይስጥ።

የሒሳብ ሠራተኛ ትቀጥራላችሁ እንበል። ትምህርት 20፣ የሥራ ልምድ 50፣ የፒችትሪ ሒሳብ ሶፍትዌር ችሎታ 30 ክብደት ተሰጥቷቸዋል። እነዚህን በC2፣ D2 እና E2 ጻፉ። ማለፊያውን፣ 65ን፣ F2 ላይ አስቀምጡ። ይህ ሁሉ አንድም ሲቪ ሳይከፈት ይለቅ። ሲቪ ካነበባችሁ በኋላ ክብደት ከነካችሁ፣ ሰው መርጣችሁ መስፈርት እንደፈለጋችሁ ነው የሚቆጠረው።

ለእያንዳንዱ መስፈርት ከ0 እስከ 4 ነጥብ ትሰጣላችሁ። የመጀመሪያዋ አመልካች 3፣ 2 እና 4 ብታገኝ ድምሯ 70 ይሆናል። ነጥቦቿን በC5፣ D5 እና E5 ጻፉ፤ F5 ላይ የሚገባው ቀመር ይኸው፦

```
=IF(COUNT(C5:E5)<3,"ያልተሟላ",SUMPRODUCT(C5:E5,$C$2:$E$2)/4)
```

የዶላር ምልክቷ ቀመሩን ወደ ታች ስትጎትቱት ክብደቱ ከቦታው እንዳይንሸራተት ነው። `COUNT` ለምን ገባ? የልምድ ደብዳቤዋ ላይ ቀኑ ስላልተጻፈ ሳጥኑን ባዶ ተዋችሁት እንበል። `SUMPRODUCT` ባዶውን እንደ 0 ይቆጥረዋል። ልጅቷ 45 ታገኝና ትወድቃለች። ልምድ የላትም ብሎ የወሰነ ሰው ግን የለም፤ ደብዳቤው ገና አልተጣራም። 0 ፍርድ ነው፣ ባዶ ደግሞ ያልተሠራ ሥራ።

አሁን ብዙዎች የሚሸወዱበት ቦታ ላይ ደረስን። ኤክሴል ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ሲያወዳድር ጽሑፉን ምንጊዜም ይበልጣል ይላል። ስለዚህ «F5 ከ65 ይበልጣል ወይ?» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ «ያልተሟላ» የተባለችው አመልካች አልፋለች ይላችኋል! G5 ላይ መጀመሪያ ቁጥር መሆኑን አረጋግጡ፦

```
=IF(ISNUMBER(F5),IF(F5>=$F$2,"ለፈተና ይጠራ","አላለፈም"),"ይጣራ")
```

«ይጣራ» የሚል አንድ እንኳ ካለ ዝርዝሩ አልተዘጋም። ደውሉና ደብዳቤውን አስተካክላ እንድታመጣ ንገሯት።

ቀመር ግን ድምሩን እንጂ ነጥቡን አያስረዳም። ልምዷ ለምን 2 ሆነ? ለዚህ ሌላ ገጽ ክፈቱና እያንዳንዱ ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ጻፉ፤ ለምሳሌ 2 ማለት ከሁለት እስከ አራት ዓመት በሒሳብ ሥራ ላይ። ከዚያ H ላይ ምክንያቱን በአንድ መስመር አስፍሩ፦ «3 ዓመት፣ ከደብዳቤው፤ የካሸርነቱ አንድ ዓመት አልተያዘም»። «ጥሩ ነው»፣ «ደካማ» የሚሉ ቃላት እዚያ ዓምድ ላይ ዋጋ የላቸውም። ከስድስት ወር በኋላ እናንተም አታስታውሷቸውም።

በነጥብ ቅደም ተከተል ስትደረድሩ ደግሞ ሰንጠረዡን በሙሉ ምረጡ። ስሙ ቀርቶ ከC እስከ F ያለው ብቻ ተመርጦ ከተደረደረ የአንዱ ነጥብ ከሌላው ስም ጎን ይቀመጣል፤ ፋይሉ ደግሞ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላል።