«የገዛሁት» ውስጥ ያለችው «ት»

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 9ኛ ክፍል ነው። እንግሊዝኛ ሲጽፍ «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት ኢዝ ጉድ» ይላል። መምህሩ «አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ነው» አሉት። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። የግሱ ቦታ ብቻውን የሚያመጣው ስህተት «አይ ቡክ ቦት» ዓይነቱን ነው። እሱ ቶሎ ይለቃል። 9ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እንዲህ ሲል እምብዛም አይሰማም።

ደግሞ አማርኛውም ቢሆን ሁልጊዜ በግስ አይዘጋም። እርግጥ የጥንቶቹ መምህራን ግሱን «ማሰሪያ አንቀጽ» ያሉት በምክንያት ነው። አንቀጽ በግዕዝ በር ነው። አረፍተ ነገሩን አስሮ የሚዘጋው በር ግሱ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው «መጣ ልጁ» ሲባል በሩ ከተዘጋ በኋላ የገባ ሰው የሚመስለኝ። አይጥመኝም። ግን ታክሲ ውስጥም ቤት ውስጥም እንዲህ ይባላል፤ ስህተት ነው ማለት አልችልም።

የወንድምዎ ችግር ሌላ ቦታ ነው። «የገዛሁት መጽሐፍ» የሚለውን እንፍታው። «የ» አለች፣ «ገዛ» አለ፣ «ሁ» እኔ ነኝ፣ «ት» መጽሐፉ ነው። ሁሉም አንድ ቃል ሆነው ከስሙ በፊት ይመጣሉ። እንግሊዝኛው ስሙን አስቀድሞ «ዛት»፣ «አይ»፣ «ቦት» እያለ ይበታትናቸዋል። ልጁ አንድ በአንድ ሲመነዝር «ት» እጁ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ «ኢት» አድርጎ ከግሱ ኋላ ያስቀምጣታል። የእሷን ሥራ ግን «ዛት» ቀድሞ ሠርቶታል።

«ጥፋቱ ሁሉ የግሱ ቦታ ነው» የሚሉ ሰዎች ዓረብኛን ይዩ። ዓረብኛ እንደ እንግሊዝኛ ስሙን ያስቀድማል፤ ግሱንም መጨረሻ ላይ አያስቀምጥም። ሆኖም «አል ኪታብ አላዚ ኢሽተረይቱሁ» ሲል የመጨረሻዋ «ሁ» የእኛ «ት» ናት። ዓረብኛ ተናጋሪ ተማሪዎችም ያችኑ «ኢት» ይጨምራሉ።

ቅደም ተከተሉን ለማስረዳት ግን እኔ ከግዕዝ የተሻለ አላገኘሁም። «አቡነ ዘበሰማያት» ሲል ስሙ ቀደመ፣ «ዘ» ተከተለች፤ ልክ እንደ እንግሊዝኛው። የእኛ «የ» የመጣችው ከዚችው «ዘ» ነው። አማርኛው ጸሎትም «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ብሎ የግዕዙን ተራ ጠብቋል። በተራ ወሬ ቢሆን «በሰማያት የምትኖር አባታችን» እንል ነበር።

ወንድምዎ ጸሎቱን በቃሉ የሚያውቅ ከሆነ ከዚያ ይጀምር። ቀጥሎ «ዛት» በጻፈ ቁጥር «ይቺ ማንን ተክታ ነው የገባችው?» ብለው ይጠይቁት። «መጽሐፉን» ካለ፣ ከግሱ ኋላ ያለችውን «ኢት» ራሱ ይሰርዛት።