የበግ አፍንጫ ትል፦ ሥጋው ይበላል፣ ጭንቅላቱ ይቅር

«ለበዓል ያረድነውን በግ ጭንቅላት ስንፈልጥ ከአፍንጫው ውስጥ ጥቁር ጥቁር መስመር ያላቸው ወፋፍራም ትሎች ወጡ። ሥጋው ይበላል ወይስ ይጣል? በጉ ግቢያችን ስለሰነበተ ለልጆቹም ፈራሁ። ኢንተርኔት ላይ ከሰው ገላ ሲወጣ የሚያሳዩት ትል ይሄ ነው?»

እህቴ፣ ሥጋውን ያለ ሐሳብ ብሉት። ትሉ ከጭንቅላት አልፎ ወደ ሥጋ አይሄድም፣ በመብላትም ሰው ላይ አይተላለፍም። ጭንቅላቱን ግን ተዉት፤ ትሉ የከረመበት ቦታ ንፍጥና መግል አያጣውም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ በዓል በመጣ ቁጥር የአራት ኪሎና የፒያሳ ዘመድ አዝማድ የሚደውልልኝ ወይ ለዚህ ነው ወይ ጉበትና ሳንባ ላይ ለሚገኘው ውኃ የቋጠረ እብጠት። ከሁለቱ የሚያሰጋው እብጠቱ ነው፤ እሱን ለውሻ እንዳትሰጡ።

ያያችሁት የበግ አፍንጫ ዝንብ እጭ ነው። ይህቺ ዝንብ እንቁላል አትጥልም። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተፈልፍሎ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ሕያው ትሎችን እየበረረች በጉ አፍንጫ ላይ ትረጫለች። ፀሐይ ሲበረታ በጎች ተጠጋግተው አፍንጫቸውን መሬት ላይ ወይም አንዱ የሌላው ጸጉር ውስጥ ወሽቀው ካያችሁ እሷን እየሸሹ ነው። ትሎቹ አፋቸው ላይ ባለው መንጠቆ እየተሳቡ ግንባር አጥንት ውስጥ ያለው ክፍት ቦታ ይደርሳሉ። መንጠቆው ውስጡን ሲቧጭረው ንፍጥ ይበዛል፣ ትሉም በዚያው ያድጋል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ሲሞላና ያ ጥቁር መስመር ሲወጣበት በጉ አስነጥሶ ያወጣዋል። አፈር ውስጥ ገብቶ ቆዳው ይጠነክርና ከሳምንታት በኋላ ዝንብ ሆኖ ይነሣል። የእናንተዎቹ ለመውጣት የደረሱ ስለሆኑ አፈር ላይ አትጣሏቸው፤ የፈላ ውኃ ድፉባቸው።

በጉ ሳይታረድ እንዴት ይታወቃል? አንድ ጎረቤታችን ለገና ቀደም ብለው የገዙት በግ ራሱን እያራገፈ ያስነጥስ ነበር፤ ከአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳው ደም የነካካው ወፍራም ንፍጥ ይወርዳል። «ጉንፋን ይዞታል፣ መርፌ ውጋልን» አሉኝ። ሙቀቱን ስለካ 39 ዲግሪ ነው፤ ለበግ ጤነኛ የሚባል ነው። ይበላል፣ ያመሰኳል፣ አይስልም። የሳንባ ምች ቢሆን ኖሮ ትኩሳትና ሳል ይኖረዋል፣ መኖም ይጠላል። እየዞረ የሚንገዳገድ ቢሆን ደግሞ አዙሪትን እጠረጥር ነበር፤ እሱ አንጎል ውስጥ የሚቀመጥ ሌላ ጣጣ ነው። መርፌውን እምቢ አልኩ። ሲታረድ ግንባሩ ውስጥ ትሎቹ ተገኙ።

እምቢ ያልኩት መድኃኒቱ ስለማይሠራ አይደለም። አይቨርሜክቲን እነዚህን ትሎች ጥሩ አድርጎ ይገድላል፤ ባለ 1 በመቶው መርፌ ለ25 ኪሎ በግ ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፣ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ግን መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ስንት ቀን እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ለሚረባ በግ ውጉ፣ ለበዓል ለሚታረድ ግን አይሆንም። ሻጩ «ወግቼዋለሁ» ካላችሁ መቼ ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። የበጉ አፍንጫ ውስጥ ያለው ትል ልጅ ላይ አይወጣም። ሰው ላይ ችግር የምትፈጥረው ዝንቧ ራሷ ናት፤ አንዳንዴ ተሳስታ ትሎቹን ዓይን ላይ ትረጫለች። ልጁ ድንገት ነፍሳት ዓይኔን መታኝ ይላል፣ ከዚያ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል። ትሎቹ በመንጠቆ ስለሚይዙ በውኃ ብቻ ላይወጡ ይችላሉ። ዓይን ሐኪም አደንዝዞ በቀጭን መቆንጠጫ ይለቅማቸዋል። ሰው ዓይን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አያድጉም፤ ቢሆንም ማዘግየት አያስፈልግም፣ እያሹ ማባባስም።

ከሰው ቆዳ የሚወጣው ሌላ ነው። አንዱ የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ ዝንብ ነው። የአፍሪካው ደግሞ አሸዋና ጥላ ላይ የተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል ይጥላል፤ ቆላ ስትሄዱ ልብሱን ስፌቱ ሳይቀር በጋለ ካውያ መተኮስ ይበቃል።

በግ ስታሰነብቱ እኔ የምፈራው ገመድ የላጠውን አንገት ነው። በአፍሪካ ሕያው ሥጋ የሚበላ ትል ያላት ዝንብ አለች፤ የቁስል ዳር ላይ እንቁላሏን ደርድራ ትለጥፋለች፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ተራው የዝንብ ትል የበሰበሰው ላይ ላዩን ይርመሰመሳል። ይሄኛው ግን ራሱን ወደ ታች ቀብሮ ጭራውን ብቻ ያሳያል፤ ቁስሉም በየቀኑ እየጠለቀ ይደማል፣ ይሸታል። እንዲህ ካያችሁ ለቅማችሁ አልኮል ውስጥ ክተቷቸውና የዚያኑ ቀን ሐኪም አሳዩት። ገመዱን ከአንገቱ አላልቶ ቁስሉን ጠዋትና ማታ ማየት ከዚህ ሁሉ ያድናል።