የመቻቻል ገደብ ወይስ የሚፈቀድ ልዩነት?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል እሠራለሁ። ሪፖርቱን ወደ አማርኛ ስመልስ ኮንፊደንስ ኢንተርቫልን «የእምነት ገደብ»፣ ቶለራንስ ሊሚትን «የመቻቻል ገደብ»፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን «መደበኛ ልዩነት» አልኳቸው። ሥራ አስኪያጁ አንብበው «እንግዲያው ጆንያው ሁሉ ገደቡ ውስጥ ነው» አሉኝ። እንደዚያ አይደለም። ያሳሳታቸው ትርጉሜ ይሆን?

መልስ፦ አዎ፣ በአብዛኛው ትርጉሙ ነው። ከሁሉም በላይ የጎዳዎት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ «ገደብ» መጥራትዎ ነው።

የላኩልኝን ቁጥሮች እንያቸው። ባለ 50 ኪሎ ጆንያ 25 መዝነዋል፤ አማካዩ 50.1 ኪሎ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.3 ኪሎ ነው። ደንበኛው የሚቀበለው ከ49.5 እስከ 50.5 ነው። በ95 ከመቶ የተሰላው ኮንፊደንስ ኢንተርቫል ደግሞ ከ49.98 እስከ 50.22 ነው። ሁለቱንም «ገደብ» ብሎ ያነበበ ሰው፣ ጠባቡ ሰፊው ውስጥ ተመቻችቶ ሲገባ ያያል፤ «ሁሉም ደህና ነው» ማለቱ አያስገርምም። ጠባቡ ግን ስለ ጆንያ አይናገርም። የሚናገረው ስለ አማካዩ ነው፦ 25 ጆንያ ብቻ መዝነን የገመትነው አማካይ ምን ያህል ሊስት ይችላል የሚለውን። ክብደቱ የደወል ቅርጽ ያለው ስርጭት ካለው፣ በእነዚህ ቁጥሮች ከ100 ጆንያ 9 ያህሉ ከ50.5 ይበልጣሉ፣ 2 ያህሉ ከ49.5 ያንሳሉ። ከመቶ 11 ያህል ጆንያ ከደንበኛው ገደብ ውጭ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ «ገደብ»ን ለደንበኛው ብቻ ይተዉለት። ገደብ ሰው የሚጥለው፣ ሲታለፍም የሚያስጠይቅ ነገር ነው። ከመረጃ ተሰልቶ የሚወጣው «ክልል» ይባል። እኔ «የአማካይ ግምት ክልል፣ በ95 ከመቶ የመተማመን ደረጃ» እላለሁ። ይረዝማል፤ «አማካይ» የሚለው ቃል ግን ከዚያ መውጣት የለበትም፣ ሥራ አስኪያጁን የሚያድናቸው እሱ ነውና። «የመተማመኛ ክልል» የሚሉም አሉ፤ እኔ አልመክርም። ከፈተ «መክፈቻ»፣ ለመነ «መለመኛ» እንደሚሰጠው ሁሉ ተማመነ «መተማመኛ»ን ይሰጣል፤ ሰው ተማምኖ የሚቀመጥበት ነገር፣ ማለትም ዋስትና ነው። መተማመኛ ሰጠሁ ያለ ሰው ቃል ገብቷል። ስሌቱ ግን ቃል አይገባም፤ እንዲህ 25 ጆንያ እየመዘንን መቶ ጊዜ ብናሰላ 95 ያህሉ ክልል እውነተኛውን አማካይ ይይዛል፣ ያለው ይህን ብቻ ነው።

«የመቻቻል ገደብ»ን ደግሞ ዛሬውኑ ይሰርዙት። ወሎ ላይ መቻቻል ሲባል እስላምና ክርስቲያን አንድ ቤት ተዋልዶ፣ በሰርግም በለቅሶም ሳይለያይ መኖሩ ነው። ለዚህ ገደብ አለው ብሎ መጻፍ በዚያ አገር አንባቢ ጆሮ ክፉ ነው። ደግሞም መቻቻል የሁለት ወገን ነው፤ ደንበኛው ግን ከጆንያው ጋር አልተቻቻለም፣ ይህን ያህል ልዩነት ፈቅዷል እንጂ። «የሚፈቀድ ልዩነት ገደብ» ይበሉት፤ የታችኛው 49.5፣ የላይኛው 50.5። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያጣሩ፦ በስታቲስቲክስ ቶለራንስ ሊሚት የሚባል ከናሙናው የሚሰላ ሌላ ነገርም አለ፤ ከመቶ ጆንያ ይህን ያህሉን ይሸፍናል ተብሎ የሚወጣ። ሪፖርትዎ ውስጥ ያ ካለ፣ ተሰልቶ የመጣ ስለሆነ «የሽፋን ክልል» ይሁን።

ሦስተኛው ቀላል ነው። «መደበኛ ልዩነት» ተቀባይነት ያለው ልዩነት ይመስላል፤ አንባቢው 0.3 ኪሎ የተፈቀደ ነው ብሎ ያልፈዋል። «ልይይት» ይሻላል። ተወያየ «ውይይት»ን እንደሚሰጥ ተለያየም «ልይይት»ን ይሰጣል፤ ጆንያዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደተራራቁ ቃሉ ራሱ ይናገራል። «ልዩነት» በጆንያውና በላዩ በተጻፈው 50 ኪሎ መካከል ላለው ይቆይ። «መደበኛ ልይይት» ሲሉ ግን መጀመሪያ በመጣበት ቦታ አጠገቡ «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን» ብለው ይጻፉ፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው በዚህ ነው።

የሪፖርቱ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የ25 ጆንያ አማካይ ክብደት 50.1 ኪሎ፣ መደበኛ ልይይቱ 0.3 ኪሎ ነው። የአማካይ ግምት ክልሉ በ95 ከመቶ የመተማመን ደረጃ ከ49.98 እስከ 50.22 ኪሎ ነው። ከሚፈቀደው የልዩነት ገደብ፣ ማለትም ከ49.5 እስከ 50.5 ኪሎ፣ ውጭ የሚወድቀው ጆንያ ከመቶ 11 ያህል እንደሚሆን ይገመታል።» የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እርስዎ በላኩልኝ ሪፖርት ውስጥ የለችም፤ ሥራ አስኪያጁ የሚፈልጉት ግን እሷን ነው።