ለመኖ ደንበኞች የቴሌግራም ግሩፕ፦ ደንብና ቅሬታ

«ደብረ ብርሃን ላይ የከብት መኖ እሸጣለሁ። ለደንበኞቼ ግሩፕ ልከፍት ነው። ስድብና ማስታወቂያ እንዳይሞላው፣ ጭርም እንዳይል ምን ላድርግ?»

ሰላም። መጀመሪያ በእርግጥ ከእርስዎ የሚገዙትን ብቻ አስፈቅደው ያስገቡ። ደንቡን ቀድመው ጽፈው ከላይ ፒን ያድርጉት። ሦስት መስመር ይበቃል፦ ወሬው ስለ መኖና ስለ ከብት ብቻ ነው፣ የሌላ ዕቃ ማስታወቂያ አይለጠፍም፣ ሰው አይሰደብም። «ጨዋ እንሁን» ብቻ ማለት አይሠራም፤ ሁሉም ራሱን ጨዋ አድርጎ ነው የሚያየው።

ዋናው ፈተና ቅሬታ ነው። አንዱ «ፉርሽካው ሻግቷል፣ ሌቦች!» ብሎ ጻፈ እንበል። አያጥፉት። ካጠፉት ሌሎቹም እርስዎን ማመን ያቆማሉ። እዚያው «ለላሟ እንዳይሰጧት። የጆንያውን ፎቶና የገዙበትን ቀን ይላኩልኝ፣ ዛሬ ማታ እመልሳለሁ» ይበሉ። «ሌቦች» የምትለዋን እንዲያነሳ ግን በውስጥ መስመር ይጠይቁት። ጆንያውን ከቀየሩለት ውጤቱን ግሩፑ ላይ ይጻፉ፤ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

እንደገና ከሰደበ ለአንድ ቀን እንዳይጽፍ ያግዱት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከሰደበ ያስወጡት። ለዘመድም ለትልቅ ደንበኛም ያው ነው። ጭቅጭቅ ከተጋጋለ Slow Mode ያብሩ፤ ተከታታይ መልእክት መላክ አይቻልም።

ጭር እንዳይል በገበያ ዋዜማ የፉርሽካና የፋጉሎ ዋጋ ይለጥፉ። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ «በዚህ ብርድ ወተት ያልቀነሰባችሁ ምን እያበላችሁ ነው?»