«ምንም ችግር የለም» ሲበዛ

«በቅርቡ የሾምኩት ሱፐርቫይዘር ከስድስቱ ሠራተኞቹ ጋር በየሳምንቱ ለየብቻ ይቀመጣል። ሁሉም "ምንም ችግር የለም" ይሉታል። ሥራ መዘግየቱን ግን የምንሰማው ከደንበኛ ነው።»

በመጀመሪያ ምን ብሎ እንደሚጠይቃቸው ቃል በቃል ይንገርዎት። «ችግር አለ?» የሚል ከሆነ መልሱ የታወቀ ነው። አለቃ ፊት ተቀምጦ «አዎ» ማለት «አቃተኝ» እንደማለት ይቆጠራላ! ጥያቄው ወደ ሥራው ይዙር፦ «በዚህ ሳምንት ሌላ ሰው ስትጠብቅ የቆመብህ ሥራ የትኛው ነው?»

ከባዱ ግን ከመልሱ በኋላ ያለው ደቂቃ ነው። ቢሮዎ ውስጥ ይለማመዱት፤ እርስዎ ሠራተኛ ይሁኑና «ከሒሳብ ክፍል የምጠብቀው ሰነድ ስላልመጣ ሪፖርቱ ሁለት ቀን ቆሟል» ይበሉት። አዲስ አለቃ ቶሎ የሚመጣለት «ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» ነው። እኔም ሹመት በጀመርኩበት ዓመት ይህንኑ ተናግሬ አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ለወራት ዘግቶኛል። እዚያው ላይ ያስቁሙትና እንደገና ይሞክር፦ «እሺ፣ ማንን ጠየቅህ? ምን አሉህ?» ከዚያ ዝም ይበል። አሥር ሰከንድ ዝምታ ያስጨንቃል፤ ዋናው ነገር የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ያኔ ነው፦ «እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ሄጄ ስላመናጨቁኝ ሦስተኛ መሄድ አልፈለግኩም።»

አሁን ጉዳዩ የሰነድ መዘግየት ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛውም ብቻውን አይፈታውም። ሱፐርቫይዘሩ «ነገ ከቀትር በፊት የክፍሉን ኃላፊ አነጋግራለሁ» ብሎ ማስታወሻው ላይ ይጻፍ። የሚቀጥለው ሳምንት ውይይትም ከዚሁ ይጀምር። ባይሳካለት እንኳ ምን እንደተባለ ይናገር።

«ምን እንደሚያወሩ ለማየት አብሬ ልግባ?»

አይግቡ። የአለቃ አለቃ የተቀመጠበት ክፍል ውስጥ የልቡን የሚያወራ የለም። ይልቅ በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ይስጡትና «በዚህ ሳምንት ቀድሞ የማታውቀውን ምን ሰማህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ማን እንደነገረው አያስፈልግዎትም። ሦስት ሳምንት ተከታትሎ «ምንም» ካለ፣ ወይ ውይይቱ የሥራ ሪፖርት ማቅረቢያ ሆኗል፣ ወይ አብዛኛውን የሚያወራው እሱ ራሱ ነው።

«አንዲት ሌላ ሱፐርቫይዘሬ ከሠራተኛዋ "በእኛ መካከል ይቅር" ተብላ የሰማችው ነገር አስጨንቋታል።»

ወሰኑ በመጀመሪያው ውይይት ላይ መነገር ነበረበት፦ የግል ጉዳይ ከእሷ አያልፍም፤ ትንኮሳ፣ ስርቆት ወይም የሰው ደኅንነት ላይ የመጣ ነገር ግን ለሚመለከተው ይደርሳል። የሰማችው ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ታሳውቅ። አጣዳፊ አደጋ ከሌለ ግን አስቀድማ ለሠራተኛው ለማንና ምን እንደምትናገር ትንገረው። ከሌላ ሰው ከሰማ ዳግመኛ አያምናትም።

«ሥራ ሲበዛብን ሳምንታዊውን ውይይት ብንሰርዘውስ?»

ይተላለፍ እንጂ አይሰረዝ፤ አዲሱ ቀንም እዚያው ሳምንት ውስጥ ይሁን። ግማሽ ሰዓቱ ወደ ሩብ ሰዓት ቢያጥር ግድ የለም።