የሥራ ልምዱ ሳይሞላ የማመልከቻ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «ማስታወቂያው 4 ዓመት የሒሳብ ሥራ ልምድ ይላል፤ እኔ ያለኝ 2 ዓመት ከ8 ወር ነው። ደብዳቤው ላይ ልጥቀሰው ወይስ ልለፈው?»

መልስ፦ ይጥቀሱት፤ ነገር ግን በሁለተኛው አንቀጽ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ይቅርታ ሳይጠይቁ ይሁን። «ምንም እንኳ ልምዴ አነስተኛ ቢሆንም» ብለው ከጀመሩ አንባቢው የሠሩትን ሳያውቅ የጎደለዎትን ያውቃል። ቁጥሩን ከሠሩት ሥራ ጋር አያይዘው ቢጽፉት ይሻላል፤ ለምሳሌ፦

«በሒሳብ ሠራተኛነት ባገለገልሁባቸው 2 ዓመት ከ8 ወራት የሦስት ቅርንጫፎችን ወርኃዊ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝርና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ በራሴ ኃላፊነት አዘጋጅቻለሁ።»

እርግጥ የሚጽፉት በእጅዎ ያለፈውን ሥራ ብቻ ነው፤ ከማስታወቂያው የሥራ ዝርዝር ጋር የሚገጥመውንም ያስቀድሙ። ወሩን አጠጋግተው «3 ዓመት» እንዳይሉ አደራ እላለሁ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዎ የተቀጠሩበትንና የለቀቁበትን ቀን ስለሚያሳይ፣ የሰው ኃይል ባለሙያው ሲያሰላ ልዩነቱን ያገኘዋል፣ ከዚያ በኋላም የተቀረውን ማመኑ ይቸግረዋል። ከምረቃ በፊት የሠሩት የተለማማጅነት ጊዜ ካለ ለብቻው ይጥቀሱት እንጂ አይደምሩት።

ይህ የሚረዳው ግን ቀጣሪው የማመዛዘን ነጻነት ሲኖረው ነው። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አመልካቾችን የሚለዩት በማስረጃው ላይ ባለው ዘመን ስለሆነ፣ እዚያ የጎደለውን ዓመት ደብዳቤ አይሞላውም፤ 2 ዓመት የሚጠይቀውን ዝቅ ያለ መደብ ይፈልጉ።